የሚኒ ሚዲያ ክበብ ዘገባ፦ አሥራ አንድ ፎቶ ለአንድ ገጽ

ዘንድሮ የክበባችን ልጆች የቤተሰብ የትዝታ መጽሐፍ ሲሠሩ ከረሙ። ስለ ሁሉም ከማወራ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሴት አያቷ የሠራችውን ገጽ ላሳያችሁ።

አሥራ አንድ ፎቶ በፌስታል ይዛ መጣች። ጉርድ አለ፣ የሠርግ አለ፣ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ የተነሡትም አለ። መጀመሪያ ሁሉንም እኩል አሳንሳ ደረደረቻቸው። ዓይን የሚያርፍበት ጠፋ። የማንም ፊት በቅጡ አይታይም ነበር።

«አንዱን ብቻ ብታስቀሪ የቱ ይሆን?» አልኳት። አያቷ ግቢያቸው ውስጥ ቡና አስጥተው የቆሙበትን አነሣች። ገጹን በሱ ጀመርን።

ወረቀቱ ኤፎር ነው፤ ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር። ስፓይራል በሚገባበት በግራ በኩል 3፣ በቀኝ 2 ሳንቲ ሜትር ተውን። ለፎቶ 16 ቀረን። የቡናውን ፎቶ 10 በ15 አድርገን በግራ አቆምነው። አያቷ ወደ ቀኝ ስለሚያዩ ፊታቸው ወደ ገጹ ውስጥ ዞረ። በቀኝ ብናደርገው ከገጹ ወጥተው የሚሄዱ ይመስል ነበር። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተን፣ የሴት አያቷንና የወንድ አያቷን ጉርድ ፎቶዎች አንዱን ከሌላው በላይ አደረግን። የሁለቱ ቁመት ተደምሮ ከትልቁ ጋር እኩል እንዲጨርስ አሳደግናቸው። ከሥር የሠርጉና የጅሬኑ ጎን ለጎን ገቡ። ክፍተቱ ሁሉም ቦታ ያው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው። የፎቶዎቹ መጠን ቢለያይም ገጹ ያልተዝረከረከው በዚህ ነው። የቀሩት ስድስቱ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገሩ።

ጉርዶቹ 3 በ4 ስለነበሩ በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግናቸው። በ300 አድርገን እጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ስናሳድገው ፊቱ ደብዝዞ ነበር። ኦሪጅናሎቹ ወደ ቤት ተመለሱ። ዓምና ኦሪጅናሉን በኮላ ለጥፈን ወረቀቱ ተጨማደደ፤ አንድ ፎቶም ስንነቅለው ተቀደደብን። ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

መግለጫ ጽሑፉ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየን። በወንድ አያቷ ጉርድ ሥር «አያቴ በወጣትነታቸው» ብላ ጽፋ ነበር። ይሄንንማ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ቤት ሄዳ ጠየቀች። ሴት አያቷ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩና፣ «ካፖርቱ እኮ የሱ አይደለም፤ ከፎቶ ቤቱ ነው የተዋሰው» አሏት። አሁን መግለጫው «አያቴ፣ ጅማ። ካፖርቱ የፎቶ ቤቱ ነው» ይላል። የሠርጉ ላይ ደግሞ ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፈች። አንዲት ሴት ማን እንደሆኑ አያቷም አላስታወሱም። ቦታውን በእርሳስ ክፍት ትታዋለች፤ አጋሮ ያሉት አክስቷ ሲመጡ ትጠይቃለች።