ለጋሼ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጋሼ የምትያቸው የመጋዘን ኃላፊ ዓርብ ሊሰናበቱ ነው አልሽኝ። የላክሽልኝ ረቂቅ «ስላደረጉልኝ ነገር ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። ክፉ አይደለም፤ ግን ለጥበቃውም ለሾፌሩም ይሆናል። እኔም ጡረታ እስክወጣ ከመድኃኒት መጋዘን አልወጣሁም፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ።

ይልቅ ያን በስልክ ያጫወትሽኝን የአሞክሳሲሊን ነገር ጻፊላቸው። በሁለት ወር 400 ፓኬት ወጥቷል፣ 100 ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ቢበዛ የአራት ወር መያዝ አለበት ብለሽ 400ውን በሁለት አባዛሽ፣ በእጅ ያለውን ቀነስሽ፣ 700 ልትጠይቂ ነበር። እሳቸው ዝም ብለው ቢን ካርዱን አወጡ። ለካ 20 ቀን ሙሉ ከወጪ ቀሪው ዜሮ ነበር! መድኃኒት ሲጠፋ ወጪው ያንሳል እንጂ በሽተኛው አይቀንስም። 400ው ያለቀው በ40 ቀን ስለሆነ ለ60 ቀን 600 ይመጣል። የአራት ወሩ 1200፣ ያለው 100 ሲቀነስ 1100። በ700 ቢላክ ኖሮ የአራት ወሩ ቀርቶ የሦስት ወሩም አይሞላም ነበር።

ራሳቸው ቢሞሉት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እርሳሱን ላንቺ ሰጥተው አጠገብሽ ቆመው ጠበቁሽ። በዚያ የሪፖርት ጥድፊያ! እኔ እንደዚያ መታገሤን እንጃ። «ጋሼ፣ ዜሮ የሆኑትን ቀናት ሳልቆጥር ፎርሙን እንዳልሞላ አስተምረውኛል፤ እስክደርስበት ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ» በያቸው። ሁለት መስመር ይበቃል። ከሥር «ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል» በይበት፣ ማህደራቸው ውስጥ ይግባ።

ደግሞ ርክክቡን አደራ። ከሄዱ በኋላ የተገኘ ጉድለት ሁሉ በሄደው ሰው ላይ ነው የሚለጠፈው። ስለዚህ ቆጠራውን እሳቸው እያሉ ጨርሱ። የተከፈተ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኚ፣ አውጥተሽ ቁጠሪ። ጊዜው ያለፈበትን ለብቻው መዝግቢ። ከካርዱ የተለየ ነገር ካገኘሽ ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 አመሳክሩ፤ ብዙ ጊዜ ዕቃው ወጥቶ ካርዱ ላይ ሳይቀነስ የቀረ ሆኖ ነው የሚገኘው። ያኔ ፊርማችሁን አኑሩ። ክሊራንስ ለመጨረስ ሽማግሌ ሰው በየቢሮው ሲመላለስ ማየት አልወድም።

ሐሙስ ድረስ ቆጠራው ካለቀ፣ ዓርብ ቡናውን አንቺ አፍይላቸው። እናትሽ ቆሎ ልካለች፣ ለሽኝቱ ይሁን።

አባትሽ