ጄኔሬተሩ ኮሪደር ውስጥ አይነሳ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን

ክቡር ኮሚሽነር፣

የምጽፍልዎ ስለ እሳት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ስለሚነሳው የቤንዚን ጄኔሬተር፣ በተለይ ስለሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ የምትሠራበት ፀጉር ቤት መብራት ሄደ። ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ዝናብ እየጣለ ነበር፣ ሌባም ይፈራል፣ ስለዚህ ጄኔሬተሩን ከኋላ ኮሪደር ውስጥ አስነሱትና የኋላውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። አንድ ሰዓት ያህል እንደሠራ እህቴን ራስ ምታት ያዛት። የፀጉር መድኃኒቱ ሽታ ነው ብላ ደጅ ወጣች፣ ቀለል አላት፣ ተመልሳ ስትገባ እንደገና ያዛት። ትንሽ ቆይቶ አንዷን ደንበኛ አቅለሸለሻት፣ ሌላዋ ሠራተኛ ደግሞ ጉልበቴ ከዳኝ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ክሊኒክ ወሰዷቸው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 98 አሳየ። ደህና ናችሁ ተብለው ሊመለሱ ሲሉ አንዲት ነርስ "መብራት የለም እኮ፣ ጄኔሬተር ነበር እንዴ?" ብላ ጠየቀች። እሷ ባትጠይቅ ተመልሰው እዚያው ይገቡ ነበር። ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ደም ላይ ይጣበቃል፣ የጣቱ መለኪያ ደግሞ ሁለቱን ስለማይለይ ቁጥሩ ጤነኛ ይመስላል። ኦክስጅን በጭምብል ሰጧቸው። ንጹሕ አየር ብቻ ቢስቡ ጋዙ ከደማቸው በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ በኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ከሰልን ሁላችንም እንፈራለን። ሳይቀጣጠል ቤት አታስገቡ እየተባልን ነው ያደግነው። ጄኔሬተሩ የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው፣ ያውም በብዛት። ጋዙ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭስ አልሸተተኝም ማለት ጋዝ የለም ማለት አይደለም። በር መክፈትም አያድንም፣ እህቴ በምትሠራበት ፀጉር ቤት በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ነፋሱ መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መፍትሔው ርቀት ነው። ከሕንፃው ቢያንስ 6 ሜትር፣ ማርሚታው ከማንም በርና መስኮት ዞሮ፣ ወፍራም የውጭ ኤክስቴንሽን ገመድ ተዘርግቶ። ለሌባው ሰንሰለትና የብረት ፍርግርግ፣ ለዝናቡ አራት ቋሚ ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ ጎኖቹ ክፍት ሆነው። ቆርቆሮውን ዙሪያውን ከዘጉት ግን ያው ኮሪደር ሆነ።

ስለ ማንቂያውም ላንሳ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ያለ የአክስቴ ልጅ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ላከልን። በባትሪ የሚሠራ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ማንቂያ ምን ይሠራል? የጭስ ማንቂያ ይህን ጋዝ አያውቀውም፣ ሻጮች ሲያምታቱ ስላየሁ ነው የምለው። በካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ላይ የአውሮፓው ኢኤን 50291 ወይም የአሜሪካው ዩኤል 2034 የሚል የደረጃ ምልክት መኖር አለበት። በአውሮፓው መለኪያ ጋዙ ከሚሊዮን 50 እጅ ሲሆን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ይጮኻል፣ 300 ሲደርስ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝም አለ ማለት ጄኔሬተሩን አስገቡት ማለት አይደለም። ሰው ያለበት ክፍል፣ በተለይ መኝታ ቤት ይሰቀል እንጂ ጄኔሬተሩ አጠገብ አይደለም። የመሞከሪያው ቁልፍ ድምፁንና ባትሪውን ብቻ ነው የሚፈትሸው፣ ውስጡ ያለው ጋዙን የሚለየው ክፍል ግን ዕድሜ አለው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ መቀየር ነው። ሲጮኽ ምክንያቱን መፈለግ የለም፣ ሁሉም ይውጣ፣ ከዚያ ወደ እናንተ 939 ይደወል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስ በበረዶ መብራት ሲጠፋ በዚሁ ጋዝ ብዙ ሰው ተመርዟል፣ ከሞቱት መካከል የእኛም ወገኖች ነበሩ።

ክቡር ኮሚሽነር፣ ባለሙያዎቻችሁ ወደ ሱቅና ሆቴል ለቁጥጥር ሲሄዱ የእሳት ማጥፊያውን ቀን እንደሚያዩት ሁሉ ጄኔሬተሩ የት እንደሚነሳ እንዲያዩ ያድርጉልን፣ ኮሪደር፣ ደረጃ ሥር ወይም ምድር ቤት ከሆነ ከዚያ እንዲወጣ ያድርጉ። ሰው ለሚያድርባቸው ፔንሲዮኖችና ሆቴሎች ማንቂያው በየመኝታ ክፍሉ ግዴታ ይሁን። 939 የሚያነሱ ሠራተኞቻችሁም፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን አመመው የሚል ስልክ ሲደርሳቸው፣ መጀመሪያ "ውጡ" ይበሉ፣ ቀጥለው "ጄኔሬተር ወይም ከሰል አለ?" ብለው ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ፀጉር ሠሪ ወንድም