«የሰፈር ወግ» እንዲቆም የቀረበ ሐሳብ

ሰላም የቻናላችን ልጆች፣

«የሰፈር ወግ» የተቀረጹት ሁለት ክፍሎች ከወጡ በኋላ እንዲቆም ሐሳብ አቀርባለሁ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ስቱዲዮ ተገናኝተን እንወስን።

የዩቲዩብ ስቱዲዮ መረጃችንን ክፍል በክፍል አይቻለሁ። ከክፍል 7 ጀምሮ የሽፋን ምስሉን ስንቀይር፣ ሽፋኑ 100 ጊዜ ሲታይ የሚጫኑት ከ3 ወደ 6 አድገዋል። 30ኛው ሰከንድ ላይ የሚቀሩት ግን እንደበፊቱ ከግማሽ በታች ናቸው። የምግብ ዝግጅታችን ላይ ከ10 ሰው 7ቱ ይቆያል። መግቢያውን ከ2 ደቂቃ ወደ 20 ሰከንድ አሳጥረንም ግራፉ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሰው ይመጣል፤ ይዘቱ ነው ያልያዘው።

ክፍል 9 ብዙ ታየ የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ተመልካች የመጣው እንግዳችን ፌስቡክ ላይ ስላጋራው ነው። ክፍል 10 ወዲያው ወደ ድሮው ቁጥር ተመልሷል።

ብዙ የለፋንበት ስለሆነ ለእኔም ከባድ ነው። በተለይ አርታኢዎቻችን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ለምግብ ዝግጅቱ ብናውለው ይሻላል እላለሁ።

የማይስማማ ሰው የአንድ ክፍል የቆይታ ግራፍ ይዞ ይምጣ፤ የት ላይ ተመልካች እንደቆየ አብረን እንይ። እስከ ሐሙስ ማታ «ይቁም» ወይም «ይቀጥል» ብላችሁ ከምክንያታችሁ ጋር እዚሁ ጻፉልኝ። ቅዳሜ የማይመቸውም ያሳውቀኝ።