ብር ከሃምሳዋ የት ገባች? የንግድና ኢኮኖሚክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 19 አባላት ይዞ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። ባለፉት ዓመታት ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እንቀምስ ነበር። አንድ ሳምንት ስለ ባንክ፣ አንድ ሳምንት ስለ ኢንሹራንስ እናወራና ፈተና ሲደርስ እንበተናለን። ዘንድሮ ግን የአንድ ፋብሪካ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዘን ከኅዳር እስከ ግንቦት ተቀመጥን። ይህ ዘገባም ስለዚያ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን የሰጡን የአንድ አባላችን አባት ናቸው። እዚሁ አዳማ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። የፋብሪካውን ስም እንዳንጠይቃቸው፣ እሳቸውም ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ እንዲሆኑ ለውጠውና አጠጋግተው እንዲሰጡን ተስማማን። የመጣልን በሰኔ 30 የተዘጋ የሀብትና ዕዳ መግለጫ እና የዓመቱ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ነው። የመጀመሪያው በዚያች አንድ ቀን ማታ ድርጅቱ ያለውንና ያለበትን ይቆጥራል። ሁለተኛው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ምን ተሽጦ ምን እንደተተረፈ ይናገራል። ከሁለቱ ኋላ በስቴፕለር የተያያዙ የማብራሪያ ገጾችም ነበሩ። እነሱን ለጊዜው ማንም አላያቸውም፤ እኔም ጭምር።

ሥራውን የጀመርነው ከቀላሉ ጥያቄ ነው፤ ፋብሪካው በመጪው አንድ ዓመት የሚጠየቀውን ዕዳ መክፈል ይችላል? በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ 4 ሚሊዮን ብር፣ ከደንበኞችና ከሌሎች ተሰብሳቢ 22 ሚሊዮን፣ የዕቃ ክምችት 34 ሚሊዮን፤ ሲደመር የአጭር ጊዜ ሀብቱ 60 ሚሊዮን ነው። በዕዳው በኩል ለስንዴ አቅራቢዎች 18 ሚሊዮን፣ ያልተከፈለ ግብርና ልዩ ልዩ ወጪ 6 ሚሊዮን፣ ባንክ ከተቀማጩ በላይ እንዲያወጣ የፈቀደለት ኦቨርድራፍት 16 ሚሊዮን፤ ድምሩ 40 ሚሊዮን። ስልሳን ለአርባ ስናካፍል 1.5 መጣ። ከረንት ሬሾ የሚባለው ይኸው ነው። ልጆቹ ወዲያው ወደ ገንዘብ ቋንቋ መለሱት፤ ለእያንዳንዷ ብር ዕዳ ብር ከሃምሳ አለው። "እንግዲህ ደህና ነው" ተባለና ወደ ቤት ተሄደ።

በሚቀጥለው ዓርብ ክምችቱን ከፍለን አየነው። ከ34 ሚሊዮኑ ውስጥ አብዛኛው ከአርሲና ከባሌ መጥቶ ያልተፈጨ ስንዴ ነው። የተፈጨው ዱቄት ጥቂት ነው፤ ቀሪው ባዶ ከረጢትና መለዋወጫ። አንዱ ልጅ "ስንዴም ይሸጣል እኮ ቲቸር" አለ። ከኋላ ወንበር "ስንዴውን ከሸጠ ምን ሊፈጭ ነው?" የሚል ድምፅ መጣ። ኩዊክ ሬሾ የሚባለው ጠበቅ ያለ መለኪያ ለምን ክምችትን እንደሚያስወጣ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም። ገንዘቡንና ተሰብሳቢውን ብቻ ይዘን 26ን ለ40 ስናካፍል 0.65 ሆነ። ለብሯ ዕዳ ስልሳ አምስት ሳንቲም ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ለዱቄት ፋብሪካ ብቻውን ማንበብ ግን ያሳስታል። ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው ዱቄት የማምረቻ ወጪ 168 ሚሊዮን ነው። 34ን ለ168 አካፍለን በ365 ስናበዛ 74 ቀን ያህል ወጣ። ይኸውም መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ተፈጭቶ ተሸጦ ለማለቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። የስንዴ አቅራቢ በወሩ ገንዘቡን የሚፈልግ ከሆነ ችግር አለ፤ ሦስት ወር የሚታገሥ ከሆነ ያን ያህል አይደለም። ቀኑም ራሱ ጉዳይ አለው። ሰኔ 30 የመኸር ስንዴ ተገዝቶ ብዙው ያለቀበት ወቅት ነው። ያንኑ ፋብሪካ መጋዘኑ ጢም ባለበት፣ ኦቨርድራፍቱም በተሳበበት በጥር ብንለካው ሌላ ቁጥር እናገኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ወደ ትርፍና ኪሳራው ተሻገርን፤ እዚያም በር ላይ ተጣላን። እናቷ ገበያ ውስጥ እህል የሚሸጡ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በ80 ብር ተገዝቶ በ100 የተሸጠ ዕቃ 25 በመቶ አተረፈ አለች። እኔ ሰሌዳው ላይ 20 በመቶ ጽፌ ነበር። እሷ ሃያውን ብር ያካፈለችው ለገዛችበት ነው፤ እኔ ለሸጠችበት። ነጋዴው ትርፉን የሚያሰላው በገዛሁበት ዋጋ ላይ ስንት ጣልኩ ብሎ ነው፤ የሒሳብ መግለጫ አንባቢ ደግሞ ከሽያጩ መቶ ብር ስንቷ ቀረች ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው ስሕተቱ። ልጅቷ በክርክሩ ያመጣችው "እናቴ ተሳስታለች ነው የምትሉኝ?" የሚል መሟገቻ ከእኔ ሰሌዳ ይልቅ ሰሚ አግኝቶ ነበር።

የፋብሪካው ሽያጭ 200 ሚሊዮን ነው። ከዚያ 168 ሚሊዮኑ ሲቀነስ 32 ሚሊዮን ጠቅላላ ትርፍ ይቀራል፤ ከሽያጩ 16 በመቶ። የአስተዳደርና የሽያጭ ወጪ 14 ሚሊዮን ሲወጣ የሥራ ትርፉ 18 ሚሊዮን፣ 9 በመቶ ይሆናል። ከዚያ የባንክ ወለድ 10 ሚሊዮን ይወስዳል። ከቀረው 8 ሚሊዮን ላይ 30 በመቶ የትርፍ ግብር፣ 2.4 ሚሊዮን ሲነሣ፣ የተጣራው 5.6 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከመቶ ብር ሽያጭ ብር ከሰማንያ እንኳ አልሞላም ብሎ የጮኸ ነበር፤ አስተካከልነው፤ ሁለት ብር ከሰማንያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንድንል ያደረገን የአንዱ ልጅ ስሌት ነው። የማምረቻ ወጪው በ5 በመቶ ቢጨምርና ፋብሪካው የዱቄቱን ዋጋ ከፍ ማድረግ ባይችልስ? የ168 ሚሊዮን 5 በመቶ 8.4 ሚሊዮን ነው። ከግብር በፊት ያለው ትርፍ ደግሞ 8 ሚሊዮን። ሙሉ ትርፉ ጠፍቶ ኪሳራ ውስጥ ይገባል። አሥራ ስድስት በመቶ ትርፍ ያለው ቤት በአምስት በመቶ ጭማሪ እንዴት ይወድቃል ብለው ብዙ ተከራከሩ። መልሱ ከሥር ያለው ወለድ ነው። ስንዴ ተወደደ ብሎ ባንክ ወለዱን አይቀንስም።

ወለዱ ራሱ ወደ ዕዳ ጫናው መራን። ከጥር እረፍት መልስ በሁለት ቡድን ተከፍለው ዕዳን ለባለቤቶች ካፒታል እንዲያካፍሉ ሰጠኋቸው። አንዱ ቡድን 1.8 አመጣ፣ ሌላው 1.32። ሁለቱም ሲደምሩ አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው የአጭር ጊዜውን 40 ሚሊዮን እና የረጅም ጊዜውን ብድር 50 ሚሊዮን ደምሮ 90ን ለ50 ሚሊዮን ካፒታል አካፈለ። ሁለተኛው ለአቅራቢና ለግብር ያለው ወለድ የለውም ብሎ አስወጣው፤ ኦቨርድራፍቱንና ብድሩን ብቻ፣ 66 ሚሊዮን ወሰደ። ስለዚህ "የዕዳ ሬሾው ይህን ያህል ነው" የሚል ሰው ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠይቀው የትኛውን ዕዳ ቆጠርክ ብለን ሆነ። እኔ ለባንክ ሰው ዓይን ከሁለቱም ይልቅ ቁም ነገር ያለው ሌላ ስሌት ነው ባይ ነኝ፤ የሥራ ትርፉን 18 ለወለዱ 10 ስናካፍል 1.8 ጊዜ። የሥራ ትርፉ ግማሽ ያህሉ ከወረደ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም።

ሁለተኛው ቡድን ወለድ ያለውን ከሌለው ሊለይ ሲል ነው እነዚያን የተረሱ የማብራሪያ ገጾች የገለጠው። ብድሩን የሚመለከተው ማብራሪያ ከ50 ሚሊዮኑ ውስጥ 10 ሚሊዮኑ በመጪዎቹ አሥራ ሁለት ወራት እንደሚከፈል ይናገራል። በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የሚከፈል የብድር ክፍል መቀመጥ ያለበት ከአጭር ጊዜ ዕዳ ጋር ነው። በወረቀታችን ግን ሙሉው ብድር ረጅም ጊዜ ሥር ተኝቷል። አሥሩን ወደ ቦታው ስንመልሰው የአጭር ጊዜ ዕዳው 50 ሚሊዮን ሆነ፤ 60 ለ50፣ 1.2። ብር ከሃምሳዋ ብር ከሃያ ሆነች። የዕዳው ጠቅላላ ድምር ስላልተነካ 1.8ም 1.32ም እንዳሉ ቀሩ። ልጆቹን የገረማቸው ይህ ነበር፤ አንድ ቁጥር ከአንድ መስመር ወደ ሌላ ሲዛወር አንዱ ሬሾ ወደቀ፣ ሌላው ምንም አልሰማ።

ማብራሪያ ማንበብ የጣማቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ተሰብሳቢ ሒሳቡን የሚዘረዝረው ገጽ ላይ ከ22 ሚሊዮኑ 7 ሚሊዮኑ "ከባለአክሲዮን የሚሰበሰብ" ይላል። መቼ እንደሚከፈል አልተጻፈም፤ ወለድም የለውም። ከዱቄት ደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብና ባለቤቱ ከራሱ ድርጅት ወስዶ ያልመለሰው ገንዘብ በአንድ ስም ተጠርተው አንድ መስመር ላይ ተቀምጠዋል። በዓመት ውስጥ እንደሚመለስ የሚያሳይ ነገር ከሌለ የአጭር ጊዜ ሀብት ብሎ መቁጠር አይቻልም ብለን አወጣነው። 53ን ለ50፣ 1.06። ክምችቱን ካስወጣንማ የቀረው 19 ሚሊዮን ነው፤ ለ50 ሲካፈል 0.38። በኅዳር "ደህና ነው" ያልነው ፋብሪካ በመጋቢት ብር ከስድስት ሳንቲም ላይ ቆሟል። በመሐል አንድ ኩንታል ስንዴ አልተነካም።

ይህ ማለት ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ማለት አይደለም። ዱቄቱ በየቀኑ ይሸጣል፤ ኦቨርድራፍቱንም ባንክ በየዓመቱ ሊያድስለት ይችላል። ባያድስስ የሚለውን ግን ከወረቀቱ ላይ ማንም ሊያነበው አይችልም።

አንድ የከሸፈ ነገርም ልጻፍ። ሚያዝያ ላይ አንድ አባላችን የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ይዞ መጣና በዚያው መንገድ እናስላው አልን። ሁለት ዓርብ ባከነ። የባንክ መግለጫ ሀብቱን በአጭርና በረጅም ጊዜ አይከፍልም፤ የደንበኞች ተቀማጭ ለባንኩ ዕዳ በመሆኑም የዕዳ ሬሾው ሲሰላ ለፋብሪካ ቢሆን የሚያስደነግጥ ቁጥር ይሰጣል። ይህን አስቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አባሉን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

በግንቦት መጨረሻ ወረቀቱን የሰጡን አባት ክፍላችን ድረስ መጡ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ሳያወልቁ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው መለሱ። የብድሩን ክፍል ጉዳይ ስንጠይቃቸው የሰጡን ኦዲተር ያላየው ረቂቅ እንደሆነ፣ ኦዲተሩ አሥር ሚሊዮኑን ልክ እኛ እንዳደረግነው እንዳዛወረው ነገሩን። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ያቺው የእህል ነጋዴዋ ልጅ እጇን አውጥታ "ጋሼ፣ ሰባቱ ሚሊዮንስ ተመለሰ?" አለች። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ "እሱን እኔም በየወሩ እየጠየቅሁ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ለ2018 የዚያኑ ፋብሪካ የሁለተኛ ዓመት መግለጫ ቃል ገብተውልናል። በዚህ ጊዜ ከማብራሪያዎቹ እንጀምራለን። ከክበቡ ሦስት ካልኩሌተሮች አንዱ ስለጠፋ፣ ያየ ሰው ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ቢያደርስልን እናመሰግናለን።