የመዝጊያ በዓሉ ቅጽ ዘንድሮ ለምን ሁለት ገጽ ሆነ?

ውድ ወላጆች፣

በልጆቻችሁ ኮሙኒኬሽን ቡክ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። የዓመቱ መዝጊያ በዓል መመዝገቢያ ቅጽ ነው። አምና ግማሽ ገጽ ነበር፣ ዘንድሮ ሁለት ሆኗል። «ምነው በዛ?» የምትሉ ስለማትጠፉ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አምና ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «ልዩ ፍላጎት ካለ ይጥቀሱ»። አብዛኞቻችሁ ባዶውን መለሳችሁት፣ አንድ ወላጅ ደግሞ «አለርጂ» ብለው ጻፉ። የምን አለርጂ? ደውለን ስንጠይቅ ኦቾሎኒ ነው። ለምግብ አዘጋጆቹ ነገርናቸው፣ እነሱም ተጠነቀቁ። ቡና የምታፈላዋን ልጅ ግን ማንም አልነገራትም። ቆሎዋ ውስጥ ኦቾሎኒ ነበረበት። ልጁ እፍኝ ዘግኖ ወደ አፉ ሲያስጠጋ እናቱ ደርሳ እጁን ያዘችው፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝርዝሩን ለወጥ ቤት ሰጥቼ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ የምንጠይቀው የበሽታውን ስም ሳይሆን ምን መደረግ እንዳለበት ነው። ልጁ ምን አይበላም? በልቶት ቢገኝስ ምን ይሆናል? ሽፍታ ብቻ ነው ወይስ ትንፋሽ ያጥረዋል? መድኃኒቱ ማን ጋ ነው? ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ካለ ወላጁ ሲፈቅድ ስሙና ክፍሉ ለአስተናጋጆቹ ኃላፊ፣ ለቡናዋም ለኬክ ቆራጩም ይደርሳል። ምግቡ ተሸፍኖ ለብቻው ይቀመጣል፣ ልጁም ሰልፉ ሳይጀመር ቀድሞ ያነሳል። ቡፌ ላይ ሰው ጭልፋ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው እያዘዋወረ ነው የሚያነሳው፣ ከዚያ በኋላ የትኛው ንጹህ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ስንዴ የማይስማማው ልጅ ያላችሁም ጻፉልን። «እንጀራው ጤፍ ነው» ሲሉን ዝም ብለን አንቀበልም፤ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

የጾሙን ነገር በግምት ማዘዝ አቁመናል። በዓላችን የሚውለው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ የሰኔ ጾም ደግሞ የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን ነው። ግን ሁሉም አይጾመውም። በአንድ ቤት እንኳን አያት ይጾማሉ፣ ልጆቹ ይበላሉ። አምና ግማሽ በግማሽ አዘዝን፣ የጾሙ ቶሎ አለቀና እናቶች ሰላጣና ዳቦ ይዘው ተቀመጡ። ስለዚህ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉና በየስሙ ፊት የጾም፣ የፍስክ ወይም የሙስሊም ሥጋ የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። የሙስሊሙ ሥጋ ድስቱም ጠረጴዛውም ለብቻው ይሆናል።

ምግብ አዘጋጆቹ የሚያዩት ስማችሁን አይደለም፣ ቁጥር ነው። ለምሳሌ «240 ሰው፤ 95 የጾም፣ 110 የፍስክ፣ 35 የሙስሊም» ተብሎ ይሄዳል። ቁጥሩን ከበዓሉ 5 ቀን በፊት ነው የምንዘጋው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ገበያ ወጥተዋል። ወረቀቱ ላይ ቀን እንጽፍበታለን። አምና ሁለት ዝርዝር በእጃቸው ነበር፣ ያበሰሉት በአሮጌው ነው።

አዳራሹን በተመለከተ፣ «ለዊልቸር ይመቻል?» ብለን ስንጠይቅ «አዎ፣ ራምፕ አለው» ተባልን። እውነትም አለው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ግን ዊልቸር አላስገባም፤ አንድ አባት በዓሉ ሳያልቅ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዘንድሮ ሜትር ይዘን ነው የምንሄደው። እናንተም የዊልቸሩን ወርድ ከጎማ እስከ ጎማ ለክታችሁ በሴንቲሜትር ጻፉልን፣ ወደ ወንበር ትቀየሩ ወይም እዚያው ትቀመጡ እንደሆነም ጨምሩበት። እዚያው የሚቀመጥ ካለ አዳራሹ ከረድፉ አንድ ወንበር ማንሳት አለበት፣ ይህን በዕለቱ ሳይሆን ወንበር ሲደረደር ነው ማወቅ ያለበት። አዳራሹ ፎቅ ላይ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅስ እንደሆነ አስጠፍተን እናያለን። በቃል «ይሠራል» መባሉ አይበቃንም።

መስማት ለተሳናቸው ወላጆች አስተርጓሚ እንቀጥራለን፣ ግን ቀድመን ካላወቅን አይገኝም። ፕሮግራሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚቆይ እየተፈራረቁ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉናል። የፊት ወንበር ይያዝላችኋል፣ ስላይድ ሲታይም አስተርጓሚው ላይ ያለው መብራት እንዳይጠፋ ለአዳራሹ ነግረናል።

አንድ አደራ፦ የልጃችሁን ሕመም ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አትጻፉ። ቅጹን አጥፋችሁ በልጁ እጅ ላኩ፣ ወይም ቢሮ መጥታችሁ ለእኔ ስጡኝ። በዓሉ ሲያልፍ ወረቀቶቹን ቀዳደን እንጥላቸዋለን። ምንም የሚጻፍ ነገር የሌላችሁም «የለም» ብላችሁ መልሱ፤ ባዶ ሲመጣ ረስታችሁት ይሁን ከልብ የሌላችሁ ስለማናውቅ መደወላችን አይቀርም። ቅጹ እስከ ሰኔ 10 ይድረሰን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር