ስለ ሌሊት ፈረቃው ማመልከቻ

ደብረ ሲና፣ ኅዳር 14

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ወገቤን እንደ ልማዱ ይዞታል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም።

ለፋብሪካችሁ ልታስገቢው የላክሽልኝን የማመልከቻ ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዳለ እንዳታስገቢው። የሚጥል በሽታሽ በ14 ዓመትሽ ምድጃ አጠገብ የጣለሽ ቀን፣ ጸበል የተመላለስንበት፣ የመድኃኒትሽ ስምና መጠን፣ የጭንቅላት ምርመራሽ ውጤት፣ ሁሉም በሁለት ገጽ ተዘርዝሯል። ከሌሊት ፈረቃ መውጣት እንደምትፈልጊ ግን የተጻፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ያውም «ቢቻል» ተብሎ።

26 ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ያውቃል። መጀመሪያ ጸሐፊዋ ታነበዋለች። መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር የሚሰጠው ሠራተኛ ጉዳዩን ለመለየት ያነበዋል። ኃላፊው ጥግ ላይ ጽፎ ለሰው ኃይል ይመራዋል፤ እዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ያየዋል። ከዚያ በግል ማኅደርሽ ውስጥ ይታሰርና አንቺ ሥራ ብትለቂ እንኳ እዚያው ይቀራል። «ለአለቃዬ ብቻ ነገርኩት» የሚባል ማመልከቻ የለም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። ወገቤ የጀመረኝ ሰሞን የራጅ ፊልሜን ይዤ ለኃላፊዬ ከዲስኩ እስከ ነርቩ አስረዳሁት። የምፈልገው ከባድ ካርቶኖች ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው እንዲወርዱና ደገፍ ያለው ወንበር እንዲሰጠኝ ብቻ ነበር። ወንበሩ ከዓመት በኋላ መጣ። እስከዚያው ግን «ወገቡ» የሚል ስም ወጣልኝ፤ አበል ያለው የመስክ ሥራ ሲመጣም «እሱማ ታማሚ ነው» ተብሎ ለሌላ ይሰጥ ነበር። አዝነውልኝ ነው፤ ክፋት አልነበረባቸውም።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልመለስ። በደብተርሽ እንደመዘገብሽው ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ጥሎሻል። ሦስቱም የሌሊት ፈረቃ በሠራሽበት ሳምንት፣ ቀን ላይ አራት ሰዓት ያህል ብቻ በተኛሽ ማግስት ነው። በሁለቱ ደግሞ የምሽት 2 ሰዓቱን ክኒን ዘልለሻል። እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መዝለል ይህን ሕመም ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ ናቸው። በጠዋቱም ሆነ ከ8 ሰዓት እስከ ምሽት 4 በሚዘልቀው ፈረቃ አንድም ጊዜ አልጣለሽም፤ ሌሊት ስለምትተኚ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ከምሽት 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ካለው ፈረቃ መውጣት ብቻ ነው። ክኒን ለመዋጥ የማንም ፈቃድ አያሻም፤ ኪስሽ ውስጥ ይዘሽው ግቢ።

ደብዳቤው ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የፈረቃ ማስተካከያ ስለመጠየቅ። በጥራት ቁጥጥር ክፍል በሦስቱም ፈረቃዎች እየተዘዋወርኩ እየሠራሁ እገኛለሁ። በሐኪም ክትትል ላይ ያለ የቆየ የጤና ሁኔታ ስላለብኝ የሌሊት እንቅልፌ እንዳይቋረጥ ሐኪሜ አዝዟል። ስለሆነም ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቀሪዎቹ ሁለት ፈረቃዎች እንድመደብ እጠይቃለሁ። ክፍተቱን ለመሙላት የእሑድ ተራ ለመጨመር ፈቃደኛ ነኝ። አሠራሩን ከሦስት ወር በኋላ አብረን ብናየው እስማማለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።»

የእሑዱን ነገር የጨመርኩት ባልደረቦችሽን አስቤ ነው። አንቺ የተውሽውን ሌሊት ሌላ ሰው ይሸፍነዋልና፣ ማጉረምረሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የሐኪሙ ወረቀት ላይ ተጠንቀቂ። የተለመደው ቅጽ የበሽታውን ስም የሚጠይቅ መስመር አለው፤ ዝም ካልሽ ሐኪሙ ይሞላዋል። ቀድመሽ «ለአሠሪ የሚሰጥ ነው፤ መሥራት የማልችለውን ብቻ ይጻፉልኝ» በይው። «የሌሊት ፈረቃ እንዳትሠራ፣ ከፍታ ላይና መከለያ የሌለው የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ እንዳትመደብ» ቢል በቂ ነው። ፋብሪካው የግድ ዝርዝር እፈልጋለሁ ካለ፣ ታሽጎ ለክሊኒካችሁ ነርስ ይሰጥ።

አለቃሽ «ለመሆኑ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ማለቱ አይቀርም። አትዋሺው፤ ጨጓራ ነው ብትይው ነገ ከሌላ ማስረጃ ጋር ይጣላብሻል። «የቆየ ነው፣ ክትትል ላይ ነኝ፤ ሥራዬን የሚነካው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው» በይና ወሬውን ወደ ፈረቃው መልሺው።

ዝም የማይባልበት ቦታ ግን አለ። አሁን ያለሽው በጠረጴዛ ሥራ ላይ ነው። ነገ ወደ እንፋሎት ካውያው ወይም ወደ መሰላል ሥራ ቢያዛውሩሽ «ድንገት ራሴን ልስት ስለምችል እዚያ መመደብ የለብኝም» ብለሽ በግልጽ መናገር አለብሽ። የበሽታውን ስም አሁንም አልጠራሽም፤ አደጋውን ግን ደብቀሽ ሰው አላስቃጠልሽም።

አጠገብሽ የምትሠራው ልጅ ደግሞ ማወቅ አለባት። የሕይወት ታሪክሽን አያስፈልጋትም። ብወድቅ በጎኔ አስተኚኝ፣ ከራሴ ሥር ልብስ አድርጊ፣ እጅና እግሬን አትያዥ፣ አፌ ውስጥ ማንኪያም ውኃም አታድርጊ፣ ሰዓት ተመልከቺ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በያት። ክብሪት ለኩሶ አፍንጫ ሥር ማጨስ እንደማይጠቅምም ንገሪያት፤ መጀመሪያ የሚሮጡት ለክብሪት ነውና። እኔም ምድጃው አጠገብ የወደቅሽ ቀን ክብሪት ነበር የፈለግሁት።

ስለ ሕጉ ጠይቀሽኛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያዛል፤ ከአቅም በላይ ጫና የሚሆንበት ካልሆነ በቀር። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ስም በዓይን የሚታየውን ብቻ ያስመስላል እንጂ አዋጁ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትንም ይጨምራል። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አዋጅ አትጥቀሺ። አዋጅ የተጠቀሰበት ወረቀት ቶሎ ወደ ሕግ ክፍል ይመራል፤ እዚያ ደግሞ ይተኛል። እምቢ ካሉሽ በሁለተኛው ጥቀሺው። ለዚህም ነው የመጀመሪያውን በሁለት ቅጂ ይዘሽ ሄደሽ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን የምታስጽፊው። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል።

እናትሽ ለገና ሰሞን ሸንኮራ ዮሐንስ ልውሰዳት ትላለች። ሂዱ፤ እኔ አልከለክልም። ግን ክኒኑን ይዘሽ ሂጂ፤ አንድ ቀንም አታቋርጪ። በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ በርትቶ፣ ሳያባራ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ ቅር ብሏታል።

በቅዳሜው መኪና ሁለት ኪሎ ቆሎና ያ ሰማያዊ ጋቢሽን ልኬልሻለሁ። አዲሱን ረቂቅ ከመፈረምሽ በፊት በዚያው ሹፌር መልሰሽ ላኪልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ ላየው።

አባትሽ