በዘጠነኛ ሳምንቷ ለልጄ ስለተቆረጠላት ቀለብ፦ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

በዚሁ ጉዳይ ከዚህ በፊት ሁለት ማመልከቻዎች ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቻለሁ። ለመጀመሪያው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል ቃል ከመዝገብ ቤት ተነግሮኛል፤ ለሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሕፃን አዝዬ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከእንግዲህ በር ማንኳኳቱን ትቼ በአደባባይ መጻፍ የመረጥኩት ለዚህ ነው። የፍርድ ቤቱን፣ የችሎቱንም ሆነ የዳኛውን ስም አልጠራም። በውሳኔው ላይ ያለኝን ቅሬታ በይግባኝ አቅርቤያለሁና የማነሣው የውሳኔውን ውጤት ሳይሆን ውሳኔው የተመሠረተበትን የወጪ ግምት ነው። ይህ ግምት የተሠራበት ቅጽ ነገም በሌላ ጨቅላ መዝገብ ላይ ስለሚሞላ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም።

ልጄን ከወለድኩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የካንሰር መድኃኒት ጀመርኩ። መድኃኒቱ በጡት ወተት ወደ ሕፃኗ ስለሚያልፍ ጡት እንዳላጠባ ሐኪሜ በጽሑፍ አዘዘኝ፤ ማስረጃውም ማኅተም ተደርጎበት ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ከአባቷ ጋር አብረን ስለማንኖር ቀለብ እንዲቆረጥላት ጠየቅሁ። በዘጠነኛው ሳምንት የተሰጠው ውሳኔ የሕፃኗ ጠቅላላ ወርኃዊ ፍላጎት 7,000 ብር ነው ብሎ፣ እኩሌታውን ማለትም 3,500 ብር አባት እንዲከፍል አዘዘ። የግምቱን ቅጽ ግልባጭ አውጥቼ ስመለከት፣ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በተመደበው ረድፍ፣ «ምግብ» በሚለው ሥር የተጻፈው «የእናት ጡት» ነው፤ ከጎኑ ያለው የብር ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። የሐኪሙ ማስረጃ ከዚያው ቅጽ በስተጀርባ፣ በዚያው ማሰሪያ ታስሮ ነበር። በችሎት ይህን ሳነሣ የተሰጠኝ መልስ «ጨቅላ ምን ይበላል?» የሚል ነበር።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ጥያቄው መልስ ያለው ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚህ እጽፋለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥሩን የማወጣውም ማንም ሰው በድጋሚ ሊያረጋግጠው በሚችል መንገድ ነው።

ጡት የማይጠባ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ በቀን የሚያስፈልገው ወተት የሚሰላው በክብደቱ ሲሆን፣ ጤና ባለሙያዎች የሚሠሩበት ልክ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የዱቄት ወተት በአብዛኛው የሚበጠበጠው ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ በጣሳው ውስጥ ባለችው መለኪያ አንድ ልሙጥ ማንኪያ ዱቄት በማድረግ ነው። የማንኪያዋ ክብደት እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ጣሳው ላይ ይነበባል፤ እኔ የምገዛው 4.5 ግራም ይላል። ስለዚህ አንድ የ400 ግራም ጣሳ 89 ማንኪያ ያህል ይወጣዋል ማለት ነው። ሕፃኑ 4 ኪሎ ሲሆን በቀን 600 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 20 ማንኪያ ስለሚያስፈልገው በወር 600 ማንኪያ ወይም ሰባት ጣሳ ገደማ ይፈጃል። 6 ኪሎ ሲደርስ ደግሞ የቀኑ 900 ሚሊ ሊትር፣ የወሩም 900 ማንኪያ ይሆናል፤ ይህም አሥር ጣሳ አልፎ ይሄዳል። ሕፃኑ ጠብቶ የተረፈው ወተት ጀርም ስለሚያፈራ በጡጦ ተቀምጦ ዳግመኛ አይሰጥም፤ ይደፋል። እኔ የሚደፋውን በሒሳቡ አላካተትኩም።

አንዱን ጣሳ የገዛሁት በ1,300 ብር ነው፤ ደረሰኞቹ በእጄ አሉ። ስለዚህ ልጄ 6 ኪሎ በሆነችበት በአምስተኛው ወር ለወተት ብቻ 13,000 ብር አውጥቻለሁ። ዳይፐር በቀን ሰባት፣ በወር 210 ሲሆን አንዱ 16 ብር ስለነበረ 3,360 ብር ሆነ። ለጡጦ መቀቀያ፣ ለሳሙናና ለሚገዛ ውኃ 700፣ ለሕክምናና ለትራንስፖርት የማስቀምጠው 800፣ ለልብስ 300 ብር ነው። ድምሩ 18,160 ብር ይመጣል። የሞግዚት ደመወዝ በዚህ ውስጥ የለም፤ አስቀድሜ የተውኩት ክርክሩን እንዳያወሳስብ ብዬ ነው። ከዚህ ድምር ላይ ወተቱ ሲነሣ የሚቀረው 5,160 ብር ነው። እንግዲህ የውሳኔው 7,000 ብር ከየት እንደመጣ በዚህ ይታያል፤ ጡት የምትጠባ ሕፃን ወጪ ነው፣ ጥቂት ጭማሪ ታክሎበት። በዚያ ወር አባቷ 3,500 ብር ሲከፍል ቀሪውን 14,660 ብር የሸፈንኩት በሕክምና ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

የአባት ጠበቃ «የላም ወተት ይበቃታል» ብለው ተከራክረዋል፤ ችሎቱም ዝም ብሎ አልፎታል። የላም ወተት አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ዋና መጠጥ የማይሆነው ብረት በጣም ስለሚያንሰውና ፕሮቲኑና ጨዉ ለጨቅላ ኩላሊት ስለሚከብድ ነው። ይህን ማንኛዋም የጤና ጣቢያ ነርስ ልትመሰክር ትችል ነበር፤ ግን አልተጠራችም።

ወደ ዋናው በደል ልምጣ። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ በነበረው ወር ገንዘቡ አልበቃኝም። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ አምስት ማንኪያ ማድረግ ሲገባኝ አራት ማድረግ ጀመርኩ። ጡጦው ሙሉ ይመስላል፤ ልጅቷም ትጠግብና ትተኛለች፤ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ታለቅሳለች። የበጠበጥኩት አንድ አምስተኛው የጎደለ ወተት መሆኑን እያወቅሁ ነበር፤ ጣሳው እስከ ደመወዝ ቀን እንዲያደርሰኝ ብዬ ነው። በ14ኛ ሳምንቷ ለክትባት ስወስዳት ነርሷ መዝናት ካርዷን ተመለከተች። ከ10ኛው ሳምንት ክትባት ወዲህ በአራት ሳምንት የጨመረችው 200 ግራም ብቻ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የሚጠበቀው ከ500 ግራም በላይ ነው። ነርሷ ስለ ጡጦው አጠያየቀችኝና ነገሩን ወዲያው ደረሰችበት። ወተት ሲቀጥን ሕፃኑ ከክብደቱ ባሻገር በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ እንደሚችልም ነገረችኝ። ልጄ እዚያ አልደረሰችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልኩ እበጠብጣለሁ፤ ዕዳውን ግን ከእኅቴና ከሥራ ባልደረቦቼ ተበድሬ ነው የምገፋው። በቅጹ ላይ ባዶ የተተወችው ያቺ ቦታ በልጄ የክብደት ካርድ ላይ መስመሩን አጋድማዋለች። ካርዱን ለሁለተኛው ማመልከቻዬ አባሪ አድርጌ ልኬልዎታለሁ።

ጤናን በተመለከተ ጠበቃው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትባት ነጻ ነው ያሉት እውነት ነው፤ እኔም ለክትባት አንድ ብር አልጠየቅሁም። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር ሄዶ ለመመለስ የሚወጣው የትራንስፖርት ነው። በሕፃን ሕክምና ላይ ወጪ የሚሆነው ያልታሰበው ትኩሳትና ተቅማጥ ነው፤ እሱም በየወሩ እኩል እየተከፋፈለ አይመጣም። ለዚህ ነው በየወሩ ትንሽ እያስቀመጡ መጠበቅ የሚያስፈልገው። ስለ ልብስ ብዙ አልከራከርም። ልጅ በየሦስት ወሩ ከልብሱ ይወጣል፤ ከጎረቤት የመጣው ግን ለዓመቱ ግማሽ በቅቶናል።

በስድስተኛው ወር ምግብ ሲጀመር ወጪው ይቀንሳል የሚል ግምትም በቅጹ አለ። ወተቱ ወደ ሰባት ጣሳ፣ ማለትም ወደ 9,100 ብር ይወርዳል፤ ዳይፐሩም በቀን ወደ አምስት ይቀንሳል። ነገር ግን የእሽጉ ዋጋ ሳይቀየር ቁጥሩ ትልቅ በሆነ መጠን በእሽጉ ያለው ፍሬ ስለሚያንስ፣ አንዱ ዳይፐር ወደ 20 ብር ይደርስና ወሩ 3,000 ብር ይሆናል። ለገንፎ እህል፣ ለእንቁላል፣ ለአትክልትና ለፍራፍሬ 2,000 ብር ሲጨመር፣ ሌላውም ሳይለወጥ ድምሩ 15,900 ብር ነው። ይቀንሳል፤ 7,000 ግን አይሆንም።

«መጠኑ ካነሰ ማሻሻያ ጠይቂ» ተብዬ ነበር። ሕጉ ይህን እንደሚፈቅድ አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ። ነገር ግን የጨቅላ ወጪ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ቀጠሮ ደግሞ በወራት ይቆጠራል። የማሻሻያ ጥያቄዬ በሚሰማበት ቀን አሥር ጣሳ የሚፈጀው ወር አልፎ፣ ያኔ የጎደለው ግራም ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ለጨቅላ ግምቱ ከመነሻው ትክክል መሆን አለበት፤ በኋላ መታረሙ ለእሱ አይደርስለትም።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የቀለብ ልክ የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም መሆኑን ይደነግጋል። የአባት አቅም የደመወዝ ደብዳቤ ተጽፎ መጥቶ ሳንቲም ሳይቀር ተሰልቷል። የልጄ ፍላጎት ግን ልጄን ሳያይ አስቀድሞ ከታተመ ረድፍ ነው የተወሰደው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ በቀደምትነት የሕፃኑን ጥቅም እንዲያስቡ ያዛል፤ ይህን ለእርስዎ ማስታወስ አይገባኝም ነበር።

የምጠይቀው ቅጹ እንዲቀየር ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያለው ረድፍ ለሁለት ይከፈል፤ እስከ ስድስት ወርና ከስድስት ወር በኋላ ይባል። «ምን ይጠባል?» የሚል ጥያቄ ይግባበት፤ መልሱ ዱቄት ወተት ከሆነ ከጤና ጣቢያ ካርዱ የቅርቡ ክብደት ይጻፍና በዚያ ይሰላ፤ የጣሳውም ዋጋ ከደረሰኝ ይወሰድ። ለማኅበራዊ ሠራተኛው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ልጄ አሁን ሰባት ወሯ ነው። የማሻሻያ ጥያቄዬ የሚሰማበት ቀጠሮ የተሰጠው አንድ ዓመት ከሞላት በኋላ ባለው ወር ነው። ቀጠሮው ቀደም ብሎ እንዲታይ ያቀረብኩት አቤቱታ በጠረጴዛዎ ላይ ካሉት ሁለት ማመልከቻዎች በሁለተኛው ገጽ ሦስት ላይ ይገኛል።

የአንዲት የሰባት ወር ሕፃን እናት
አዲስ አበባ